ከ«ቁጥር» እስከ «ግልባጭ»፦ የአንድ የቢሮ ደብዳቤ አንባቢዎች

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በወረቀቱ ራስጌ ላይ በታተመው ትልቅ ክብ ማኅተም ላይ ነው። ከማኅተሙ ሥር የላኪው ስምና ማዕረግ ይመጣል፤ ቀጥሎ «ይድረስ» ተብሎ የተቀባዩ ስም፤ ከዚያም ሰላምታው። «እንደምን ሰንብተዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ሳይባል ወደ ጉዳይ አይገባም። ቀኑና ደብዳቤው የተጻፈበት ከተማ መጨረሻ ላይ ይሰፍራሉ። ዛሬ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። ቀኑ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ማኅተሙ ወደ ግርጌ ወርዷል፤ ሰላምታውም ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ከፊርማው በላይ ቀርቷል።

የድሮው ደብዳቤ የሚሄደው ከሰው ወደ ሰው ነበር። መልእክተኛ ይዞት ይሄዳል፤ ተቀባዩ ራሱ ያነበዋል ወይም ጸሐፊው ያነብለታል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ከተሾሙና መሥሪያ ቤቶች ከተደራጁ ወዲህ ግን ደብዳቤ ቀስ በቀስ ከወንበር ወደ ወንበር የሚሄድ ነገር ሆነ። የተጻፈለት ኃላፊ እጅ ከመግባቱ በፊት መዝገብ ቤት ይቀበለዋል፣ ጸሐፊዋ ታየዋለች፤ ከኃላፊው ወጥቶም ለባለሙያ ይመራል፣ በመጨረሻም ፋይል ውስጥ ይገባል። እያንዳንዳቸው የሚያነቡት የተለያየ መስመር ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥሩንና ቀኑን፣ ኃላፊው «ጉዳዩ» የሚለውን፣ ባለሙያው የመሐሉን አንቀጽ፣ ግልባጭ የደረሰው ሰው ደግሞ የራሱን ስም ያነባል። የአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ቅርጽ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባን እነዚህን አንባቢዎች አንድ በአንድ ስናያቸው ነው።

ለማሳያ አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ግቢው በር ላይ የውኃ መስመር ተሰብሮ ሳምንታት አልፈዋል። ርዕሰ መምህሩ ለውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የጻፉት የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስል ነበር እንበል፦

ጉዳዩ፡- ውኃን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው ትምህርት ቤታችን ከፍተኛ የሆነ የውኃ ችግር ያለበት ሲሆን በዚህም ምክንያት የመማር ማስተማሩ ሥራ እየተስተጓጎለ በመሆኑ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ሰዋስዉም አይነቀፍም። ግን መልስ አያገኝም። ለምን እንደማያገኝ ከላይኛው ቀኝ ጥግ ጀምረን እንየው።

በደብዳቤው ወረቀት በስተቀኝ በኩል «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። በብዙ መሥሪያ ቤት ደብዳቤው ተጽፎ ለፊርማ ሲቀርብ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ኃላፊው ከፈረመ በኋላ ደብዳቤው ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ እዚያ በወጪ መዝገብ ላይ ይመዘገብና ቁጥሩና ቀኑ በእጅ ይሞላሉ። «ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ወጪ አልሆነም» የሚባለው ይህን ነው። ሐሙስ የተፈረመ ደብዳቤ ማክሰኞ ወጪ ከሆነ ቀኑ የማክሰኞ ነው።

ቁጥሩ ራሱ የሚነበብ ነገር አለው። «ት/አስ/087/17» የሚል ብናገኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት መሥሪያ ቤቱንና የሥራ ክፍሉን ያሳያሉ፤ 087 በዚያ ዓመት የወጣው ስንተኛ ደብዳቤ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ 2017። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ በመሐል የፋይል ቁጥር ይጨምራል፤ አንዳንዱ ተራ ቁጥሩን ከመስከረም 1፣ ሌላው ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንደገና ከአንድ ይቆጥራል። እዝባሮቹን ለውበት ያስገባቸው የለም፤ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን የዘለለ ሰው ፋይሉን ከሌላ መደርደሪያ ያስፈልጋል።

ባለጉዳይን በጣም የሚያደናግረው ግን አንድ ደብዳቤ ሁለት ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። ላኪው የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ደግሞ የገቢ ማኅተም ይመታበትና በገቢ መዝገብ ላይ ሌላ ቁጥርና ሌላ ቀን ይያዛል። ትምህርት ቤቱ የላከው ሰው ውኃና ፍሳሽ ሄዶ «በ087 የጻፍነው ደብዳቤ የት ደረሰ?» ቢል፣ መዝገብ ቤቱ በዚያ ቁጥር ፈልጎ ላያገኘው ይችላል፤ በእነሱ መዝገብ ላይ በቀዳሚነት የተያዘው የገቢ ቁጥሩ ነው። በተቃራኒው፣ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ሲመልስ የሚጠቅሰው የትምህርት ቤቱን 087 ነው፤ ትምህርት ቤቱ መልሱን ከጥያቄው ጋር የሚያገናኘው በራሱ ቁጥር ስለሆነ። ደርዙ ቀላል ነው። በእግር ሲከታተሉ የተቀባዩን ቁጥር ይዞ መሄድ፣ በጽሑፍ ሲመልሱ የላኪውን ቁጥር መጥቀስ። ብዙ ወረቀቶች ግርጌ ላይ «መልስ ሲጽፉልን የእኛን ቁጥር ይጥቀሱ» የሚል ማሳሰቢያ በትንሽ ፊደል የሚታተመውም ለዚህ ነው። ማሳሰቢያው ግን ከወረቀቱ ጌጥ እንደ አንዱ ታይቶ ይታለፋል።

ቀኑም የራሱ ወጥመድ አለው። 04/05/2017 ተብሎ የተጻፈውን አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ጥር 4 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ደብዳቤው ተተርጉሞ ወይም እንዳለ ተያይዞ አሜሪካ ቢደርስ ግን የዚያ አገር አንባቢ ወሩን ስለሚያስቀድም ኤፕሪል 5፣ ያውም ከዓመታት በፊት የተጻፈ አድርጎ ያየዋል፤ እውነተኛው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 2025 ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ «ዓ.ም.» ማለትና፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ብሎ ሁለተኛውን ቀን ከጎኑ ማስቀመጥ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ከቁጥርና ከቀን ዝቅ ብሎ በስተግራ የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ በ«ለ» ይጀምርና ከሥሩ የከተማው ስም ተሰምሮበት ይቀመጣል። እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለ ክፍል ወይም ሠራተኛ ከሆነ በከተማው ስም ፈንታ «ባሉበት» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ደብዳቤው የሚጻፈው ለወንበሩ መሆኑ ነው። «ለአቶ እገሌ» ተብሎ በስም ከተጻፈ፣ አቶ እገሌ ለስብሰባ ወይም ለዓመት ፈቃድ ሲወጡ ደብዳቤው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሊጠብቃቸው ይችላል። «ለቅርንጫፍ ጽ/ቤቱ» ከተባለ ግን ተወካዩም ይከፍተዋል። በስም የሚጻፈው ጉዳዩ የሰውየው ሲሆን ነው፤ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምስጋና።

ደግሞም የአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ከተቀባዩ ስም በኋላ «ውድ» ብሎ አይጀምርም። በቅርብ ጊዜ አንዳንድ የግል ድርጅቶች «ውድ ደንበኛችን» ማለት ጀምረዋል፤ ለማስታወቂያ ይሆን ይሆናል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን አክብሮቱን የሚሸከሙት ማዕረጉ፣ የግሡ አወራረድና መጨረሻው ናቸው። ለሚኒስትር «ክቡር» ወይም «ክብርት» ይባላል፤ ለሌላው «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ወ/ሪት»፣ «ዶ/ር» ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የደብዳቤው እምብርት ይመጣል፤ በመስመሩ መሐል ላይ የሚቀመጠውና ብዙ ጊዜ የሚሰመርበት «ጉዳዩ»።

«ጉዳዩ»ን የሚያነበው ሰው ጊዜ የለውም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት የደብዳቤ ክምር ይቀርብለታል፤ እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ሰከንድ አይቶ በህዳጉ ላይ ለማን እንደሚመራ ይጽፋል። «ለጥገና ክፍል፣ አጣርታችሁ አቅርቡ» ወይም «ለደንበኞች አገልግሎት፣ ይታይ» ብሎ ይፈርምበታል። ይህ መምራት ነው፤ «ደብዳቤው ተመርቷል» ሲባል ገና ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። እንግዲህ «ውኃን ይመለከታል» የሚለው ርዕስ እዚህ ሰው ፊት ምን ይናገራል? ውኃና ፍሳሽ ቢሮ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ውኃን ይመለከታል። የሒሳብ ቅሬታ ይሁን፣ አዲስ መስመር ይሁን፣ ጥገና ይሁን አይታወቅም። ያልገባው ኃላፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመራው በጣም ሰፊ ሥራ ወዳለው ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ክፍል እስኪመለስ ሳምንት ያልፋል።

በጥሩ ርዕስ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ የሚፈለገው ነገር፣ በእሱ ላይ የሚደረገው ሥራ፣ ደብዳቤው ራሱ የሚፈጽመው ተግባር። «የተሰበረ የውኃ መስመር እንዲጠገን ስለመጠየቅ»። ነገሩ መስመር ነው፣ ሥራው ጥገና ነው፣ ደብዳቤው የሚያደርገው መጠየቅ ነው። የመጨረሻው ቃል በተለይ ዋጋ አለው። «ስለመጠየቅ» ሲል አንባቢው ውሳኔ እንደሚጠበቅበት ያውቃል። «ስለማሳወቅ» ከሆነ አውቆ ፋይል ያደርገዋል። «ስለመላክ» ከሆነ አባሪውን ይፈልጋል። «ስለመፍቀድ» ወይም «ስለመስጠት» ከሆነ የተወሰነ ነገር ደርሶታል። ውሳኔ የሚሻ ደብዳቤ «ስለማሳወቅ» ተብሎ ቢሄድ መልስ ሳያገኝ ፋይል ውስጥ ቢገባ የሚወቀሰው ተቀባዩ ብቻ አይደለም። «ይመለከታል» ብሎ መጨረስም ስህተት አይደለም፤ ከፊቱ የሚመጣው ሐረግ ሙሉ እስከሆነ ድረስ «የውኃ መስመር ጥገና መጠየቅን ይመለከታል» ያስኬዳል።

ያልተመለሰ ደብዳቤ ምን ያህል ርቀት ሊወስድ እንደሚችል ከታሪካችን ሁሉም የሚያውቀው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ለረጅም ጊዜ መልስ ሳይሰጠው ቆየ፤ ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ፤ ነገሩ በ1860 መቅደላ ላይ አለቀ። የዘመናችን የጥገና ጥያቄ እዚያ አያደርስም።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። ረቂቁ ተቀይሮ፣ ተፈርሞ፣ ወጪ ሲሆን እንዲህ ሆነ፦

ቁጥር፡ ት/አስ/087/17
ቀን፡ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- የተሰበረ የውኃ መስመር እንዲጠገን ስለመጠየቅ

በቁጥር ት/አስ/061/17 ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፍነው ደብዳቤ የትምህርት ቤታችን ዋና የውኃ መስመር መሰበሩን ገልጸን ጥገና እንዲደረግልን መጠየቃችን ይታወሳል። መስመሩ የተሰበረው በዋናው በር በኩል፣ ከቆጣሪው በፊት ሲሆን እስከ አሁን ስላልተጠገነ ተማሪዎች ውኃ ከቤታቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው እየመጡ ይገኛሉ።

ስለሆነም ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መድቦ ቦታውን በማየት ጥገናውን እንዲያከናውንልን፣ ጥገናው የሚዘገይበት ምክንያት ካለም በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የመጨረሻው ወር የውኃ ሒሳብ ደረሰኝ ቅጂ (1 ገጽ) ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ኮሚቴ
ለመዝገብ ቤት

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚመለከተው ባለሙያውን ነው። ባለሙያው አዲስ ጉዳይ መሆኑን ወይም የቆየ መሆኑን ለማወቅ የቀድሞውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ፋይል ያያይዛቸዋል። ቀጥሎ ሁኔታው ይመጣል፣ ቦታው በትክክል ተነግሮ። «ከቆጣሪው በፊት» የምትለዋ ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን መስመር ማስጠገን የደንበኛው ሥራ ነውና። ሐረጓ ባትኖር ኖሮ አንድ የስልክ ጥሪ ወይም አንድ ምልልስ ታስከፍል ነበር። «ከፍተኛ የሆነ ችግር» ከሚል ሐረግ ይልቅ ጠርሙስ የያዙት ተማሪዎች የሚነግሩት ይበልጣል።

«ስለሆነም» ወይም «በመሆኑም» ደግሞ ከሁኔታው ወደ ጥያቄው የሚያሻግር በር ነው። የለመደ የቢሮ አንባቢ ጊዜ ሲያጥረው ከላይ ያለውን ሁሉ ዘሎ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ቃል ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ስለሆነም» ማለት አንባቢውን ሦስት ቦታ ማንኳኳት ነው።

«ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» የሚለውን ግን ርዕሰ መምህሩ ለምን እንደሰረዙት መናገር ይገባል። ትሕትና ተብሎ የገባ ሐረግ ነው፤ ርዕሱ ላይ የተጻፈው ነገር ሙከራ ሳይሆን የተጻፈ ነገር ነው። ኃላፊው ርዕሱን አንብቦ ነው የወረደው፤ መልሶ ማስታወስ አያስፈልገውም። ሐረጉ በየመሥሪያ ቤቱ የቀረው ደብዳቤ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቆየውን ደብዳቤ ከፍቶ ስምና ቀን በመለወጥ ስለሆነ ነው። በዚያው መንገድ የሌላ ሰው ስም ወይም የአምና ቀን ሳይቀየር የሚወጣ ደብዳቤም አለ፤ መዝገብ ቤት ያሉ ሰዎች ሲያገኙ ይስቁና ይመልሱታል።

የአክብሮት ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመዝጊያው ግሥ ነው። የአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ማን ከማን በላይ እንደሆነ በግልጽ ሳይናገር በመጨረሻው ግሥ ይናገራል። ግለሰብ ለመሥሪያ ቤት ሲጽፍ «አመለክታለሁ» ወይም «በአክብሮት እጠይቃለሁ» ይላል። መሥሪያ ቤት ለእኩያው «እንጠይቃለን»፣ «እንገልጻለን»፣ «ልከናል» ይላል። ወደ በላይ አካል የሚሄድ ሪፖርት «እናቀርባለን»፣ መረጃ «እናሳውቃለን» ይሆናል። ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ «እንድትፈጽሙ»፣ «እንዲያውቁት ይሁን»፣ «እናሳስባለን» ነው፤ ሲጠብቅ «በጥብቅ እናሳስባለን»።

አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ማስታወስ መስሎት ለበላይ መሥሪያ ቤት «እናሳስባለን» ብሎ ይጽፋል። ማሳሰብ ግን ማስጠንቀቂያ ያለበት ቃል ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ቁጣ ይሆናል። ፈራሚው ልብ ካላለው ደብዳቤው ይወጣና ስልክ ይደወላል። ያልተመለሰ ጥያቄን ለበላይ ማስታወስ ያስፈለገው ሰው ከላይ ያለው ደብዳቤ እንዳደረገው «መጠየቃችን ይታወሳል» ቢል፣ ማን ዘነጋ የሚለው ሳይነሣ ነገሩ ይታወሳል።

ሌላው የሚደፈርሰው የተውላጠ ስም ነገር ነው። መሥሪያ ቤት ሲጽፍ «እኛ» ይላል፤ የፈረመው ግን አንድ ሰው ነው። ተቀባዩን ደግሞ ወይ እንደ ተቋም በሦስተኛ መደብ «ጽሕፈት ቤቱ እንዲያከናውንልን» ይለዋል፣ ወይ «መሥሪያ ቤትዎ» ይለዋል፣ ወይ «መሥሪያ ቤታችሁ» ይለዋል። ሦስቱም ይሠራሉ። የማይሠራው በአንድ አንቀጽ ውስጥ «መሥሪያ ቤትዎ» ብሎ ጀምሮ «ብትተባበሩን» ብሎ መጨረስ ነው። ስለ ሠራተኛ በሚጻፍ ማስረጃ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው አንቱ ነው። አለቃዋ ኮሪደር ላይ «አንቺ» እያላት የምትውል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ በሥራ ልምድ ማስረጃዋ ላይ «ወ/ሪት እገሊት በመሥሪያ ቤታችን በገንዘብ ያዥነት በመሥራት ላይ ይገኛሉ» ተብላ ትጻፋለች።

«ከሰላምታ ጋር» የሚለው መዝጊያ በስተቀኝ ግርጌ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ፊርማ። በብዙ ወረቀት ላይ በ«ሠ» ተጽፎ ይታያል፤ በግእዙ ሰላም የሚጻፈው በ«ሰ» ነው፤ ግን በዚህ ምክንያት የተመለሰ ደብዳቤ የለም። የሚያስመልሰው ሌላ ነው። ፊርማው ብቻውን አይበቃም፤ ሥሩ የፈራሚው ስምና የሥራ መደብ የሰፈረበት ቲተር መመታት አለበት፤ አለዚያ ተቀባዩ ማን እንደፈረመ አያውቅም። ከዚያ ክቡ ማኅተም ይመጣል። ማኅተሙ የፊርማውን ጫፍ ነክቶ ማረፍ አለበት፤ ከፊርማው ርቆ ባዶ ቦታ ላይ ከተመታ አንዱ ከሌላው ጋር መሆኑ አይታወቅም፤ ሙሉ በሙሉ ላዩ ላይ ከወደቀ ደግሞ ፊርማውም ስሙም አይነበብም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ፣ አባሪም ካለው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መመታቱ መሐል ላይ ገጽ እንዳይለወጥ ይጠብቃል።

ይህ ጥንቃቄ ጎልቶ የሚታየው ተቀባዩ ስም በሌለው ደብዳቤ ላይ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 ላይ አሠሪ ለሠራተኛው፣ ውሉ ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ማስረጃው ላይ ከየት እስከ የት ቀን፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ ይሰፍራል፤ ብዙ አሠሪዎች የሥራ ግብር ይከፍል እንደነበር ይጨምራሉ፤ አዲሱ ቀጣሪ ልምዱ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራው በዚያ ስለሆነ። ፎቶ ከተለጠፈ ማኅተሙ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደግሞ ተቀባይነት የለውም። አንድ ቀን ተሳስቶ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ ቢጻፍ፣ እርማቱ እውነት ቢሆን እንኳ የቅጥር ኮሚቴ ይጥለዋል። እንደገና አስጽፎ እንደገና ማስፈረም ነው።

የቀረው ግልባጭ ነው። ከፊርማው ትይዩ በስተግራ ወይም ከሥሩ «ግልባጭ» ተብሎ ደብዳቤው እንዲያውቁት የሚላክላቸው ይዘረዘራሉ፤ ከፍ ያለው አካል ይቀድማል፣ የራስ መዝገብ ቤት መጨረሻ ላይ ይሆናል። የግልባጭ ተቀባይ መልስ አይጠበቅበትም። ያም ሆኖ ደብዳቤው ውስጥ በጣም ፖለቲካ ያለበት መስመር ይሄ ነው። ትምህርት ቤቱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ያደረገው ጥገናው ቢዘገይ ጉዳዩን የሚከታተል የበላይ እንዲኖረው ነው፤ ውኃና ፍሳሽም ይህን ያነባል። በጥቅምቱ ደብዳቤ ላይ ግልባጭ አልነበረም፤ የሚገባውም እንዲያ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አራት የበላይ አካል መዘርዘር ከመጠየቅ አልፎ መክሰስ ይመስላል፤ ባለሙያውም ከመሥራቱ በፊት መከላከያ መጻፍ ይጀምራል። ሁለተኛው ላይ ግን መልስ ያልተሰጠበት ወር በግልባጭ ይነገራል፣ ደብዳቤው ራሱ ጨዋነቱን ሳይለቅ።

ደብዳቤው ሲላክ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ሁለት ቅጂ ይዞ ይሄዳል። አንዱን ያስረክባል፤ ሁለተኛው ላይ የተቀባዩን የገቢ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያው ለምን እንዳልመጣ ለመጠየቅ የሚሄደው ሰው ይዞ የሚሄደው ያንን ሁለተኛውን ቅጂ ነው።